ማስተካከያ፦ ስለ እከክ በሽታ የወጣው ማስታወቂያ

«ሳኒታይዘሩ በር ላይ አለ። የታመመው ሰው ማን እንደሆነ ካላወቅን ግን እንዴት ነው የምንጠነቀቀው?» (ከቡና ለቀማ ክፍል የቀረበ ጥያቄ)

ጅማ ባለው የቡና መጋዘናችን ለምትሠሩ ሁሉ፦ በቀደመው ማስታወቂያ ላይ «እጃችሁን በሳኒታይዘር አጽዱ» የሚለው በሚከተለው ተተክቷል።

እከክ የሚያመጣው ተባይ ቆዳ ውስጥ ቆፍሮ ስለሚገባ አልኮል አይደርስበትም። የሚተላለፈው በዋናነት ረዘም ባለ የገላ ንክኪ ነው፤ አልፎ አልፎም በጋራ በሚለበስ ልብስ። መጨባበጥ ብዙም አያሰጋም። እኛን የሚያሳስበን ጋዋኑ ነው።

ስለዚህ ከዛሬ ጀምሮ ጋዋን መዋዋስ ቀርቷል። የለበሳችሁትን በጣም በሞቀ ውኃ እጠቡና ፀሐይ ላይ በደንብ አድርቁ። የማይታጠበውን ፌስታል ውስጥ ቋጥራችሁ ለአንድ ሳምንት አስቀምጡት። ተባዩ ከሰው ገላ ከተለየ አብዛኛውን ጊዜ ከ3 ቀን በላይ አይቆይም።

ስም አንናገርም፤ እባካችሁ እናንተም አታፈላልጉ። መጀመሪያ ጊዜ ለተያዘ ሰው ማሳከኩ እስኪጀምር ከ4 እስከ 6 ሳምንት ሊፈጅ ይችላል፤ በዚያ ሁሉ ጊዜ ግን ሳያውቀው ያስተላልፋል። ማን ከማን እንደያዘው መገመት ሰውን ማሳቀቅ ብቻ ነው።

ሌሊት የሚብስ ማሳከክ፣ በጣቶች መሃል፣ በእጅ አንጓ ወይም በወገብ ላይ ሽፍታ ካያችሁ ጤና ጣቢያ ሂዱ። ቅባት ከታዘዘ ቤተሰቡ በሙሉ፣ የማያሳክካቸውም ጭምር፣ በአንድ ቀን ይታከም። አለዚያ ዞሮ ይይዛችኋል። ከሕክምናው በኋላ ማሳከኩ ከ2 እስከ 4 ሳምንት ሊቆይ ስለሚችል፣ ባለሙያ ሳታማክሩ ቅባቱን አትደጋግሙ።