አምስተኛው ሰው

በስልክ «አራት ነን» ብለው ነበር። በሩ ላይ የቆሙት ግን አምስት ናቸው። አስተናጋጇ ገና በዓይኗ መቁጠር ስትጀምር ማብራሪያው ይቀድማታል፤ «እሱ እንኳ አይበላም፣ እንዲሁ ሊሸኘን ነው የመጣው። አንዲት ወንበር ብቻ ጣል አድርጊልን፣ የኔ እናት።»

ሊሸኝ መጥቶ ሸኝቶ የተመለሰ ሰው የታየበት ምግብ ቤት በአዲስ አበባ የለም። «አንድ ቢራ ብቻ» ብሎ ይጀምራል፣ ጥብሱ ሲመጣ «እስቲ ልቅመስላችሁ» ብሎ እጁን ይታጠባል፣ ሁለተኛውን ጥብስ የሚያዘውም እሱ ራሱ ነው። ጣል የተደረገችው ወንበር ደግሞ አስተናጋጆች ትሪ ይዘው የሚያልፉበት ቦታ ላይ ስለተተከለች፣ ባለቤቷ ማታውን ሙሉ «ይቅርታ ወንድሜ» ሲባል ያመሻል።

እርግጥ ጥፋቱ የሱ ብቻ አይደለም፤ የአናጢውም ነው። መሶብ ክብ ነው። ክብ ነገር ጥግ ስለሌለው አምስተኛ ሰው ሲመጣ አራቱ ትከሻቸውን ሰበር ያደርጉና ነገሩ ያልቃል። ጠጅ ቤትም ቢሆን አግዳሚው ረጅም ነው፤ «ጠጋ በሉ» ከተባለ ሁሉም ብርሌውን ይዞ ጠጋ ይላል። ባለ አራት ጠረጴዛ ግን አምስተኛ ሰው ሲመጣበት ባለ አምስት አይሆንም፤ ከጎኑ ያለችው ባለ ሁለት ተጎትታ ትጋጠምለትና ባለ ስድስት ይሆናል። የምግብ ቤቱ ማታ የሚበላሸው እዚች ጉተታ ላይ ነው።

አራት ኪሎ አካባቢ ያለ አንድ መካከለኛ ምግብ ቤት እናስብ። ስድስት ባለ ሁለት፣ አምስት ባለ አራት፣ አንድ ባለ ስምንት ጠረጴዛ አለው፤ በድምሩ 40 ወንበር። ቅዳሜ ማታ ከ12፡30 ጀምሮ ይቀበላል፣ ማድ ቤቱ 4፡00 ላይ ትእዛዝ ያቆማል፣ በሩ 5፡30 ላይ ይዘጋል። ሁለት ሰዎች በልተው፣ ከፍለው፣ ጠረጴዛው ተጠርጎ ለሌላ እስኪደርስ አንድ ሰዓት ተኩል ይበቃል። አራት ሲሆኑ ሁለት ሰዓት፣ አምስት ሲሆኑ ሁለት ሰዓት ከሩብ፣ ስምንት ሲሆኑ ሦስት ሰዓት እንበል። ስለዚህ ባለ ሁለቷ በ12፡30፣ በ2፡00 እና በ3፡30 ሦስት ዙር ታስተናግዳለች። ባለ አራቱ ሁለት ዙር ይበቃዋል። ባለ ስምንቱ የመጀመሪያዎቹ ሲነሡለት 3፡30 ስለሚሆን፣ ሌላ ስምንት ሰው ቢቀመጥበት በሩ ከተዘጋ በኋላ ነው የሚወጣው፤ አንድ ዙር ብቻ።

አሁን አምስተኛውን ሰውዬ እናስገባው። 12፡30 ላይ ባለ አራቱና ባለ ሁለቷ ይጋጠማሉ፣ እስከ 2፡45 ይያዛሉ። ባለ አራቱ አንድ ዙሩን ሰጠ፤ አራት ወንበር። ባለ ሁለቷ ግን የ12፡30 እንግዶቿን ብቻ ሳይሆን የ2፡00 እንግዶቿንም አጣች፤ ሁለት ሲደመር ሁለት፣ ሌላ አራት። አምስት ሰዎች በሉ፣ የስምንት ሰው ቦታ ሄደ። በዚያ ላይ ባለ አራቱን በ2፡30 የያዙት እንግዶች በር ላይ ቆመው ሩብ ሰዓት ሲጠብቁ የሚቆጡት አስተናጋጇን ነው እንጂ «እንዲሁ» የመጣውን ሰውዬ አይደለም። እሱን አያውቁትማ።

ለዚህ ነው ወንበር ቆጥሮ ቀጠሮ የሚቀበል ሰው የሚሳሳተው። ስልክ የሚያነሣው ልጅ «40 ወንበር፣ ሁለት ዙር፣ 80 ሰው» ብሎ ደብተሩን ይከፍታል። የደወሉት ሁሉ በአምስት በአምስት የሆኑ ቀን 16 ቡድን ይቀበልና 80 ሞላ ብሎ ስልኩን ያስቀምጣል። ጠረጴዛው ግን ሌላ ይላል፦ አምስቱ ባለ አራቶች ከአምስት ባለ ሁለቶች ጋር ተጋጥመው በሁለት ዙር 10 ቡድን፣ ባለ ስምንቱ ላይ በሁለት ዙር 2 ቡድን፣ በቃ። 60 ሰው ተቀምጦ 20 ሰው በረንዳ ላይ ስልኩን እየነካካ ይቆማል። ውስጥ ደግሞ አንዲት ባለ ሁለትና ብዙ ባዶ ወንበሮች አሉ። በረንዳ ላይ ያለው ሰው በመስኮት እነዚያን ባዶ ወንበሮች እያየ «ቦታ እያለ!» ይላል፤ አይፈረድበትም።

ብዙ ሰው ለምን ብዙ ይቆያል? ስለሚበላ የሚመስለው አለ። እኛ ዘንድ ግን መብላት ጊዜ አይፈጅም፤ አምስት ሰው የሚበላው ከአንድ ትሪ ነው፣ ማድ ቤትም አምስት ሳህን ሳይሆን አንድ ትሪ ነው የሚያወጣው። ጊዜውን የሚበላው ከምግቡ በፊትና በኋላ ያለው ነው። ሁለት ሰዎች ሲቀጣጠሩ የሚዘገየው አንድ ሰው ነው። ስምንት ሲሆኑ ከስምንቱ ከሁሉም በላይ የሚዘገየው ይጠበቃል፤ እሱ ሳይመጣ ትሪ ማዘዝ ደግሞ ነውር ነው። «ደርሻለሁ» ሲል ገና ሜክሲኮ እንደሆነ ሁሉም ያውቃል፣ ሁሉም ግን ይጠብቃል። ቀጥሎ ቡና። ቡና በስኒ ከማሽን ከሆነ ደህና፤ ከጀበና ከሆነ ግን አቦል፣ ቶና፣ በረካ አለ፤ በረካን ሳይጠጣ የሚነሣ ሽማግሌ የለም፣ ሽማግሌው ሳይነሣ የሚነሣ ወጣትም የለም።

ከሁሉ የሚብሰው ግን ሒሳብ ነው። ይህን ጉዳይ እዚህ ማንሣት አልነበረብኝም፤ ከተነሣ አይቀር ግን ይነገር። ሁለት ሰዎች በሒሳብ ሲጣሉ ከአንድ «በሞቴ» በኋላ ያልቃል። አምስት ሰዎች ሲሆኑ አንዱ ቢሉን ይነጥቃል፣ ሁለተኛው እጁን ይይዘዋል፣ ሦስተኛው «ባለፈውም አንተ ነህ» ይላል፣ አራተኛው አስተናጋጇን ጠርቶ «ከሱ እንዳትቀበዪ» ብሎ ያዛታል። ልጅቷ መሐል ቆማ ማንን ትስማ? የዚያኛውን ከተቀበለች ይሄኛው ይቀየማታል። ከዚያ ጠብ ሁሉ በኋላ የአንዱ ቴሌብር ኔትወርክ ያጣል፣ የሌላው ካርድ መኪና ውስጥ ይረሳል፣ እውነት ለመናገር ደግሞ ከመሐላቸው አንዱ ጠቡን በድምፅ ብቻ ነው የሚጣላው፣ እጁ ኪሱ አይገባም። (ማን እንደሆነ ሁሉም ያውቃል። አምስተኛው ነው።) ይህ ለጋስነት በር ላይ የሚጠብቀውን የ2፡30 እንግዳ ሃያ ደቂቃ ያስከፍለዋል። ለወዳጁ ደግ የሆነ ሰው ለማያውቀው ሰው ጊዜ ይህን ያህል ጨካኝ ሲሆን በበኩሌ ያናድደኛል። መፍትሔው ቀላል ነው፤ ቀጠሮ ሲያዝ «ሒሳቡ በማን ስም ይሁን?» ብሎ መጠየቅ። ግን እንዲህ ብሎ የሚጠይቅ ቤት «ምን ያሉ ስግብግቦች ናቸው» ይባላል።

«ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ግን ጌጡ ነው።» ከተረቶቻችን ሁሉ የምግብ ቤት ሥራ የገባው ይሄ ይመስለኛል። ሎሚውን እንግዳ አድርጉት። አርባ ሰው 12፡30 ላይ አንድ ላይ ሲገባ ለማድ ቤቱ ሸክም ነው፤ የጥብሱ ምድጃ ያው ነው፣ የመጨረሻው ትሪ ከአንድ ሰዓት በኋላ ይወጣል፣ የአንድ ሰዓት ተኩሏ ጠረጴዛ ሁለት ሰዓት ከሩብ ትሆናለች። አርባው ሰው በ12፡30፣ በ12፡45 እና በ1፡00 ተከፋፍሎ ሲቀጠር ግን ጌጥ ነው። በኛ ምሳሌ ከ1፡00 በላይ መግፋት አይቻልም፤ በ1፡00 የጀመረች ባለ ሁለት ሦስተኛ ዙሯ ልክ 4፡00 ላይ፣ ማድ ቤቱ ሊዘጋ ሲል ይወድቃል። ያለችው ግማሽ ሰዓት ናት፤ ሰው ግን ሲደውል ሁሉም «አንድ ሰዓት ላይ» ነው የሚለው። ከውጭ የመጣ ዘመድ ያለው ደግሞ «ስምንት ሰዓት» ብሎ ያስይዝና ማታ በእኛ 2፡00 ላይ ከች ይላል፤ ቦታው ምሳ ላይ ለብቻው ሲጠብቀው ውሎ።

እነዚህን ሰዓቶች ሁሉ ከየት አመጣሃቸው የሚል ካለ፣ ለምሳሌ ያህል ናቸው፤ እውነተኞቹ ያሉት እያንዳንዱ ቤት ጓዳ ውስጥ ነው። የትእዛዝ ወረቀቱ ጥግ ላይ የተቀመጡበትን፣ ያዘዙበትን፣ ምግቡ የወጣበትን፣ ሒሳብ የጠየቁበትንና የተነሡበትን ሰዓት ሁለት ሳምንት መጻፍ ነው፤ በሰው ብዛት እየለዩ፣ የጾም ቀንን ከፍስክ ሳይቀላቅሉ። በያይነቱ ቶሎ ይወጣል፣ ጥብስ ይቆያል። ክረምት ደግሞ ለብቻው ይጻፍ፤ ዝናብ እየጣለ ማንም አይነሣም። ከዚያ አማካዩን ወስዶ ቀጠሮ መስጠት ነው ትልቁ ስሕተት። አማካዩ ላይ ከተቆረጠ ከሚቀጥሉት እንግዶች ግማሽ ያህሉ ቆመው ይጠብቃሉ። ከአሥር ጠረጴዛ ስምንቱ የተለቀቁበትን ሰዓት መያዝ ይሻላል።

ስንት ቀጠሮ ይያዝ ለሚለው፣ በኛ ቤት ልኩ 18 ባለ ሁለት፣ 10 ባለ አራት፣ 1 ባለ ስምንት ነው። ይዞ የሚቀር አለና ትንሽ ጨምሮ መቀበል ይቻላል፣ ግን በሰው ቁጥር አይደለም። ደብተሩ በየቅዳሜው ከ18ቱ ሁለቱ እንደሚቀሩ ካሳየ 19 መቀበል አያስፈራም፤ ሁሉም ቢመጡ እንኳ ባለ ሁለት ያጡት ሁለት ሰዎች ክፍት ባገኙት ባለ አራት ላይ ይቀመጣሉ። ባለ ስምንቱ ላይ ግን አንድም መጨመር የለም፤ ሁለተኛዎቹ ስምንት ሰዎች ከመጡ የሚቀመጡበት ምድር የለም። እሱ ላይ ቀብድ መቀበል እንጂ።

ስለ ወንበሯ ነበር የጀመርነው፤ አሁንም መተላለፊያው ላይ ናት። በስልክ «አራት ነን፣ ምናልባት…» የሚል ሲመጣ «ምናልባት»ን እንደ ሰው መቁጠር ነው። «ስንት ናችሁ?» ከማለት ይልቅ «ስድስት ብዬ ልያዝ?» ቢባሉ እውነቱ በራሱ ይወጣል።

«ኧረ ስድስት አይደለንም! አምስት ነን።»