ማስተካከያ፦ አርቲኦ እና አርፒኦ አንድ ቁጥር አይደሉም

«ባክአፕ በየ24 ሰዓቱ ከተወሰደ አርቲኦውም አርፒኦውም 24 ሰዓት ነው ማለት ነው አይደል?»

አይደለም። አርፒኦ የስንት ሰዓት ዳታ ቢጠፋ እንችለዋለን ነው፣ አርቲኦ ደግሞ ሲስተሙ ስንት ሰዓት ቢቆም እንችላለን፣ ሁለቱንም የሚወስነው ቢዝነሱ ነው፣ ባክአፑ ከዛ በኋላ ነው የሚታሰበው።

ጊትላብ ላይ የደረሰውን እዩት። ጃንዋሪ 31 2017 ዋናው ዳታቤዝ በስህተት ተሰረዘ፣ በ pg_dump ይወሰዳል የተባለው ባክአፕ ሲፈለግ የለም፣ ምክንያቱም ዳታቤዙ ፖስትግሬስ 9.6 ሆኖ የሚሰራው pg_dump ግን የ9.2 ስለነበር በየቀኑ እየከሸፈ ነበር፣ የኤረር ኢሜይሉም አልደረሳቸውም። ያዳናቸው አንድ ኢንጂነር ለሌላ ስራ ብሎ ከ6 ሰዓት በፊት ያነሳው ስናፕሾት ነው። ስለዚህ የጠፋው የ6 ሰዓት ዳታ ነው፣ ዳታውን ከዘገምተኛ ዲስክ ኮፒ ማድረጉ ግን ወደ 18 ሰዓት ወሰደ። የባክአፑ ድግግሞሽ ስለዚህኛው ቁጥር ምንም አይነግራችሁም።

ዲዛይን ስታደርጉም መፍትሄያቸው ይለያያል። አርፒኦው 5 ደቂቃ ከሆነ በ pg_dump ሳይሆን በ pg_basebackup በሚወሰድ የማታ ባክአፕ ላይ፣ ፖስትግሬስ እያንዳንዱን ለውጥ የሚመዘግብባቸውን የዋል ፋይሎች ሌላ ቦታ አርካይቭ ማድረግ ትጨምራላችሁ፦

```
archive_mode = on
archive_timeout = 300
```

(`archive_command` መሞላቱን እዩ።) ይሄ ግን አርቲኦውን አያሳጥርም፣ ሪስቶር ሲደረግ የቀኑ ዋል በሙሉ እንደገና መጫወት ስላለበት እንዲያውም ሊያረዝመው ይችላል። አርቲኦው አጭር ከሆነ የዋናውን ለውጥ ወዲያው እየቀዳ ዝግጁ ሆኖ የሚጠብቅ ስታንድባይ ሰርቨር ያስፈልጋል፣ እሱ ደግሞ ባክአፕን አይተካም፣ ዋናው ላይ የተሰረዘ ቴብል እዛም ወዲያው ይሰረዛላ።