ቁጥር ለሰነፍ ነው

እስቲ ዛሬ ለአንድ ዓይነት ሰው ምስጋና እናቅርብ። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች የቴሌግራም ግሩፕ ውስጥ ያለ ሁሉ ያውቀዋል። አንዷ ልጅ አሥር ጥያቄ ያለበትን ገጽ ፎቶ አንስታ «እባካችሁ ይሄን ሥሩልኝ፣ ነገ ፈተና አለብኝ» ትላለች። ሁለት ደቂቃ ሳይሞላ መልሱ ይመጣል፦

```
B D C C B D A A C
```

በቃ። ቁጥር የለ፣ ነጠላ ሰረዝ የለ፣ ሰላምታ የለ። ልጅቱም «አመሰግናለሁ ወንድሜ ተባረክ» ብላ ወደ ደብተሯ ትገለብጣለች።

ይሄ ሰው ሊከበር ይገባል ባይ ነኝ። ቁጥር መጻፍ ጊዜ ይፈጃል። ጥያቄው 31 መሆኑን ማየት፣ ከዚያ 31 ብሎ መጻፍ፣ ከዚያ B፤ ይሄ ሁሉ ሥራ ለማን ነው? ፊደሉ ራሱ ቤቱን ያውቃል። በቅደም ተከተል ከደረደርከው ከየጥያቄው ሄዶ ይለጠፋል።

ክብሩን ግን ብቻውን አንስጠው። ፎቶ አንሺዋም ድርሻ አላት። የጥያቄ ቁጥር የሚታተመው በግራ ጠርዝ ነው፤ አውራ ጣቷም ወረቀቱን ደግፎ የሚያርፈው እዚያው ነው። ከ31 እስከ 35 ያሉት ቁጥሮች በአንድ ጥፍር ይጠፋሉ። ላይ አምፖል አለ፣ ወረቀቱ ያንጸባርቃል፣ 33ኛው ጥያቄ ላይ ነጭ ጸሐይ ወጥታለች። ይሄም አልበቃ ብሎ ቴሌግራም ፎቶውን ጨምቆ ያሳንሰዋል። ፎቶውን እንደ ፋይል ቢልኩት ሳይጨመቅ ይደርሳል የሚል ሰው ካለ ግሩፑን ለቆ ይውጣ። እኛ ጭጋግ ውስጥ ማንበብ ለምደናል።

አሁን ጀግናችን ምን እንደሠራ በዝርዝር እንይ፣ ሙያው የሚታየው እዚህ ጋ ነውና። የገጹ ትክክለኛ መልስ ይሄ ነበር እንበል፦

```
31 B   36 B
32 D   37 D
33 A   38 A
34 C   39 A
35 C   40 C
```

ልጁ ጎበዝ ነው። የሠራቸውን ሁሉ በትክክል ሠርቷል፣ አንድም አልሳተም። 33 ግን በጸሐይዋ ምክንያት አልታየውም፣ ስለዚህ ዘለለው። መዝለሉ ችግር የለውም፣ ሰው ያላየውን አይሠራም። ጥበቡ መዝለሉን አለመናገሩ ነው። ልጅቱ ደግሞ የመጀመሪያውን ፊደል 31 ላይ፣ ሁለተኛውን 32 ላይ፣ ሦስተኛውን 33 ላይ አድርጋ ወረደች። 33 የ34ን መልስ ወሰደ፣ 34 የ35ን፣ 35 የ36ን፣ እንዲህ እንዲህ እያለ ሁሉም የጎረቤቱን ልብስ ለብሶ ቆመ። 40 ሲደረስ ልብስ አለቀ።

ውጤቱን ስንቆጥረው 31ና 32 ትክክል ናቸው፣ ገና አልተንሸራተቱም። ከዚያ በኋላ ካሉት ደግሞ 34ና 38 ትክክል ወጥተዋል። ለምን? 34ና 35 ሁለቱም C ስለሆኑ፣ 38ና 39 ሁለቱም A ስለሆኑ ነው። መንታ መልስ ጎን ለጎን ሲቀመጥ መንሸራተቱ አይታይም። ዘጠኝ ጥያቄ በትክክል የሠራ ልጅ፣ ለሌላ ሰው አራት ትክክል አስረከበ። ይሄ ተራ ስህተት እንዳይመስላችሁ፤ ተራ ስህተት አንድ ጥያቄ ነው የሚያበላሸው።

ደግሞ አጣሪ አለ። ግሩፑ ውስጥ ያለ አንድ ጠንቃቃ ልጅ «ቆይ ላረጋግጥ» ይላል። ሁሉንም መሥራት ስለሚደክመው 31ን፣ 34ንና 38ን ይመርጣል፣ ሦስቱም ልክ ናቸው። «ሁሉም ትክክል ነው» ብሎ ያጸድቃል፣ አሥራ አምስት አውራ ጣት ይወጣል። ማንም ግን ፊደሎቹን አልቆጠረም። ዘጠኝ ፊደል፣ አሥር ጥያቄ። እስከ ዘጠኝ መቁጠር የአንደኛ ክፍል ትምህርት ስለሆነ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ወደዚያ አይወርድም።

መቁጠርም የማያድንበት ከፍ ያለ ደረጃ አለ። ገጹ እንደምታዩት ሁለት ዓምድ ነው፤ ግራው ከ31 እስከ 35፣ ቀኙ ከ36 እስከ 40። ቁጥሮቹ በአውራ ጣት ሲሸፈኑ አንዳንዱ ሊቅ ከግራ ወደ ቀኝ ያነባል። ከ31 ቀጥሎ 36ን ይሠራል፣ ከዚያ 32፣ ከዚያ 37። ይሄኛው ምንም አልዘለለም፣ አሥሩንም ሠርቶ አሥር ፊደል ልኳል፦

```
B B D D A A C A C C
```

ልጅቱ ከላይ ወደ ታች ስትደረድረው ትክክል የሚወጡት 31፣ 38 እና 40 ብቻ ናቸው። ሦስት! 38 እንኳ በዕድል ነው። ውበቱን ልብ በሉ፦ ሁለቱ ዓምዶች እኩል ጥያቄ እስከያዙ ድረስ የመጀመሪያውና የመጨረሻው ሁሌም ቦታቸው ላይ ናቸው። መጀመሪያና መጨረሻውን አይቶ «ልክ ነው» የሚል አጣሪ ካለ ዘላለም አይነቃም። ነገሩን ማወቅ የሚፈልግ ሰው ሁለተኛውን ፊደል ማየት አለበት፤ ለ32 የማይሆነው ለ36 ከሆነ፣ ሦስተኛው ደግሞ ለ32 ከሆነ፣ መልሱ ዚግዛግ እየሄደ ነው ማለት ነው። በመጀመሪያው ዓይነት ደግሞ መጀመሪያ ከተሳሳተው ጥያቄ ጀምሮ ያሉትን ፊደሎች አንድ ቦታ ወደ ታች ገፍቶ መሞከር ነው፤ ሁሉም በአንዴ ልክ ከመጡ ልጁ አልተሳሳተም፣ ተንሸራቷል። ግን ይሄን ማን ያደርጋል? «ሰውየው አይችልም» ብሎ መሳደብ ይቀላል።

«ቁጥር እኮ ጽፌያለሁ» የሚል ወገን እንዳለም አልዘነጋሁም። እነሱም ይመስገኑ። ገጹ ከ31 ይጀምራል፣ እነሱ ግን «1 B፣ 2 D፣ 3 A» ብለው ይጽፋሉ። ለእነሱ 1 ማለት ፎቶው ላይ መጀመሪያ የታያቸው ነው። ፎቶው ከላይ ተቆርጦ የ30ኛው ጥያቄ ምርጫዎች ብቻ ብቅ ብለው ከሆነ ደግሞ «1» ያ ግማሽ ጥያቄ ሊሆን ይችላል። ይሄ ከመጽሐፉ ቁጥር ነጻ መውጣት ነው። አስተማሪው አራት ገጽ ወርክሺት ሰጥቶ፣ እውነት ሐሰቱን ከ1 እስከ 5፣ ምርጫውን እንደገና ከ1 እስከ 5 ቆጥሮት ከሆነ ደስታቸው ወሰን የለውም። «3 B» ብለው ይልካሉ። እውነት ሐሰት ላይ B የለም፣ ስለዚህ ምርጫው ይሆናል ብላችሁ ታስባላችሁ። እነሱ ደግሞ B ያሉት ሐሰት ለማለት ነው።

ከሁሉም ግን ልቤን የሚነካው የድምፅ መልእክት ነው። የአማርኛ ትምህርት ወረቀት ሲሆን ምርጫው ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ ነው አይደል? አንዱ ሰው በእርጋታ፣ በሚያምር ድምፅ «ሠላሳ አንድ ሀ፣ ሠላሳ ሁለት ሀ፣ ሠላሳ ሦስት መ» ይላል። የትኛው ሀ? ሀሌታው ነው ሐመሩ? የመጀመሪያው ምርጫ ነው ሦስተኛው? በጽሑፍ ሲልክም ያው ነው፣ ኪቦርዱ ላይ ሐን መፈለግ ስለሚሰለቸው ሁለቱንም በሀ ይጽፋል። እንግሊዝኛ ሲሆን ደግሞ ታክሲ ውስጥ ሆኖ፣ ረዳቱ «መገናኛ መገናኛ» እያለ፣ B ይሁን D ይሁን E የማይለይ ፊደል ይልክልናል። ምርጫው እስከ D ብቻ መሆኑ Eን ያስወጣልናል፣ ለዚህም እናመሰግናለን።

ታዲያ በየግሩፑ አንድ ደስታ የሚያጠፋ ሰው አይጠፋም። እሱ የሚልከው እንዲህ ነው፦

```
ገጽ 7፣ ግራ ዓምድ 31-35
31 B ናይትሮጅን
32 D ሁሉም
33 ? አይታይም
34 C 0.5
```

ምን ዓይነት ድርቅና ነው ይሄ! እያንዳንዱን በየራሱ መስመር። ከፊደሉ ጎን ምርጫው ላይ የተጻፈውን ቃል ጨምሮ፣ ተንሸራቶ ቢሆን «31 ላይ ናይትሮጅን የሚል ምርጫ የለም እኮ» ብሎ ማንም በአንድ እይታ እንዲይዘው። ያልሠራው ላይ የጥያቄ ምልክት አስቀምጦ ቦታውን ጠብቆለታል። እዚያ ላይ «33ን እባክሽ ድገሚ አንሺው፣ አምፖሉን አጥፍተሽ በመስኮት ብርሃን» ይላል። አይ የሰው ነገር! ሦስት ደቂቃ ነው ያቃጠለብን። በሦስት ደቂቃ ውስጥ ሌላው የሦስት ገጽ ፊደል ያፈስ ነበር።

የድሮ የፈተና ጥራዝ ከሆነማ ተዉት። የአገር አቀፉ ፈተና ጥራዞች ኮድ አላቸው፤ ኮዱ ሲለያይ የጥያቄዎቹ ቅደም ተከተልም ይለያያል። ሽፋኑን ግን ፎቶ የሚያነሳ የለም፣ ሽፋን ላይ ምን ጥያቄ አለ? ስለዚህ የአንዱ ኮድ ገጽ ይለጠፋል፣ የሌላው ኮድ መልስ ይመጣለታል፣ ቁጥሩም ፊደሉም ተሟልቶ፣ አምሮበት። እዚህ ላይ መግፋትም መቁጠርም አይሠራም።

ጥበቡ ስልክ ላይ ብቻ እንዳይቀር የሚሰጉ አሉ። አትስጉ። ፈተና አዳራሽ ውስጥ በእርሳስ የሚጠቆረው የመልስ ወረቀት ላይ 33ን «በኋላ እመለስበታለሁ» ብሎ ዘልሎ፣ የ34ን መልስ 33 ላይ ያጠቆረ ተማሪ የዚሁ ትምህርት ቤት ምሩቅ ነው። ወረቀቱን የሚያርመው ማሽን ደግሞ ሐሳብ አይገባውም፣ የጠቆረውን ብቻ ነው የሚያየው። ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ ግን ከፊሉ ተማሪ በኮምፒውተር እየተፈተነ ነው። መልሱ እዚያው ከጥያቄው ሥር ይመረጣል፣ መንሸራተቻ የለውም። አንድ ትልቅ ባህል እየጠፋ ነው፣ ማንም አልተናገረም።

እስከዚያው ግን ግሩፑ አለ። ያ ባለ ዘጠኝ ፊደል መልስ አውራ ጣቱን ሰብስቦ፣ «የተረጋገጠ መልስ» የሚል ርዕስ ተጨምሮበት፣ ወደ ሌላ አምስት ግሩፕ ፎርዋርድ ተደርጓል። ፎቶው አብሮት አልሄደም። በአንደኛው ግሩፕ አንዲት ልጅ «34 ለምን C ሆነ?» ብላ ጠየቀች። ላኪው ራሱ ነው የመለሰላት፦ «የትኛው 34?»