«የማይደገፍ ፋይል» እየተባለ የሚመለሰው የስልክ ፎቶ

በኢንተርኔት ለሥራ ወይም ለትምህርት የሚያመለክት ሰው ስሙን፣ የትውልድ ዘመኑንና የትምህርት ማስረጃውን በጥንቃቄ ሞልቶ ፎቶ መጫኛው ላይ ሲደርስ «የፋይሉ ዓይነት አይደገፍም» የምትል አንዲት ቀይ መስመር ትመልሰዋለች። የትኛው ዓይነት እንደሚደገፍ አትናገርም፤ ምን ማድረግ እንዳለበትም አትጠቁምም። ይህ ጉዳይ እጅግ ያበሳጨኛል፤ ምክንያቱም ሰዎች ፎቷቸው የተበላሸ እየመሰላቸው ያለ አግባብ ገንዘብና ጊዜ እያወጡ ነው።

ሰሞኑን የእህቴን ልጅ የገጠማት ይኸው ነው። እዚሁ ሐዋሳ፣ ቤታችን ነጭ ግድግዳ ፊት ቆማ በአይፎን የተነሳችው ፎቶ ጥርት ያለ ነበር። በቴሌግራም እንደ ፋይል ልካ ወደ ላፕቶፕ አወረደችውና ማመልከቻው ላይ ልትጭነው ስትል ቅጹ መለሰባት። ፒያሳ አካባቢ ወደሚገኝ ኢንተርኔት ቤት ስትሄድ ደግሞ «ፎቶሽ ጥራት የለውም፣ ስቱዲዮ ገብተሽ ተነሺ» አሏት። የፋይሉ ስም መጨረሻ ላይ .HEIC የሚል ተጽፎ እያለ ማንም ልብ አላለውም።

አፕል ከ2017 እ.ኤ.አ. ጀምሮ፣ ማለትም ከአይኦኤስ 11 ወዲህ፣ አዳዲስ አይፎኖች ፎቶን በዚህ ቅርጸት እንዲያስቀምጡ አድርጓል። ሐሳቡ መጥፎ አልነበረም፤ ተመሳሳይ ፎቶ በጄፔግ ከሚይዘው ቦታ ግማሽ ያህሉን ብቻ ስለሚይዝ የስልኩ ማከማቻ ቶሎ አይሞላም። አንዳንድ የሳምሰንግ ስልኮችም ይህንኑ አማራጭ ይሰጣሉ። ችግሩ የሚመጣው ፎቶው ከስልኩ ሲወጣ ነው። ክሮምና ፋየርፎክስ ይህን ቅርጸት አያሳዩም፤ ፎቶ የሚጨመቅበት ዘዴም በፓተንት የተያዘ ስለሆነ ብዙ የሶፍትዌር ሠሪዎች ሊያስገቡት ያመነታሉ። በዚህ የተነሳ አብዛኞቹ ቅጾች የሚቀበሉት ጄፔግንና ፒኤንጂን ነው፤ ሰነድ ከሆነ ደግሞ ፒዲኤፍ ይጨመራል። ስልኩ ግን ፎቶውን ያለ አንዳች ችግር ስለሚያሳይ ባለቤቱ የሚጠረጥርበት ምክንያት የለውም።

«አጎቴ፣ ስሙን .jpg ብዬ ቀይሬዋለሁ፣ አሁንም እምቢ አለኝ» ብላ ደወለችልኝ። ይህ ብዙ ሰው የሚሞክረው መፍትሔ ነው፤ ሆኖም የዘይት ጀሪካን ላይ «ውሃ» ብሎ መጻፍ ዘይቱን ውሃ አያደርገውም። በደንብ የተሠራ ቅጽ ስሙን ብቻ አያይም፤ የፋይሉን የመጀመሪያ ባይቶች ያነባል። እውነተኛ ጄፔግ ሁልጊዜ በ FF D8 FF ይጀምራል፤ የእርሷ ፋይል ግን መጀመሪያው አካባቢ ftypheic የሚል ምልክት ይዟል። ስለዚህ ቅጹ ስሙና ውስጡ እንደማይገጥሙ አይቶ «ፋይሉ ተበላሽቷል» ይላል፣ እርሷም ይበልጥ ትደናገጣለች።

ያደረግነው ቀላል ነበር። ስልኩ ላይ ፎቶውን ኮፒ አድርጋ Files በሚባለው መተግበሪያ ውስጥ ፔስት ስታደርገው ጄፔግ ሆኖ ተቀመጠ። ለወደፊቱም Settings ውስጥ Camera ገብታ Formats የሚለውን ከፍታ Most Compatible የሚለውን መረጠች፤ ይህ ግን ከዚያ በኋላ የሚነሱትን እንጂ ቀድሞ የተነሱትን አይለውጥም። በቴሌግራም እንደ ፋይል ሳይሆን እንደ ተራ ፎቶ መላክም ወደ ጄፔግ ይቀይረዋል፤ ነገር ግን መጠኑን ስለሚያሳንሰው ለጉርድ ፎቶ ቢበቃም፣ ጥቃቅን ፊደል ላለበት የትምህርት ማስረጃ አልመክረውም።

ይህም ሆኖ ብሶቱ አላበቃም። ወደ ጄፔግ የተለወጠው ፎቶ ከ2 ሜጋባይት ስለበለጠ ቅጹ እንደገና መለሰው፤ በዚህ ጊዜም የተጻፈው ያው «አይደገፍም» የሚለው ነበር! ፎቶውን ከርክመን ስናሳንሰው ነው ያለፈው። PHP በሚባለው የድረ ገጽ ቋንቋ upload_max_filesize የተባለው ገደብ ማንም ካልነካው 2M ነው፤ ብዙ ቅጾች ላይ የምናየው የ2 ሜጋባይት ገደብ ማንም ሳያስብበት እንዲሁ የቀረ ሊሆን ይችላል። ዓይነቱ ሳይስማማ ሲቀር አንድ፣ መጠኑ ሲበዛ ሌላ መልእክት ማሳየት ለባለሙያ የጥቂት መስመር ሥራ ነው።

ቅጽ የምትሠሩ ወንድሞችና እህቶች፣ የምንጠይቃችሁ ብዙ አይደለም። ከመጫኛው ሥር «ጄፔግ ወይም ፒኤንጂ፣ እስከ 2 ሜጋባይት» ብላችሁ በአማርኛ ጻፉልን። ከተቻላችሁም ፋይሉን ተቀብላችሁ ሰርቨሩ ላይ ራሳችሁ ወደ ጄፔግ ቀይሩት፤ ይህን የሚሠሩ ነጻ ሶፍትዌሮች ሞልተዋል።