አምስቷ ነጥብ ትኑርልን

እኛ የኮዬ ፈጬ ነዋሪዎች ታክሲ ሰልፍ ላይ ቆመን የምናነብ ሕዝብ ነን። የአንድን ኩባንያ የሩብ ዓመት ሪፖርት ማን ዳር እስከ ዳር ያገላብጣል? ደግነቱ፣ በአምስት ነጥብ አሳጥረው በቴሌግራም የሚያደርሱልን ሊቃውንት አሉ። ዕድሜ ይስጣቸው።

ጥበባቸውን በምሳሌ እንየው። አንድ የሲሚንቶ ፋብሪካ አለ እንበል። ከሐምሌ 2016 እስከ መስከረም 2017 ባለው ሩብ ዓመት 180 ሚሊዮን ብር አተረፈ። ከዓመት በፊት በዚሁ ወቅት ትርፉ 120 ሚሊዮን ነበር። ሊቁ ነጥብ አንድን ጻፈ፦ «ትርፍ በ50 በመቶ አደገ!»

ከሪፖርቱ ኋላ፣ በደቃቅ ፊደል የተጻፈች ማስታወሻ አለች። ፋብሪካው ለውጭ ገበያ ሽጦ ባንክ ያስቀመጠው 2 ሚሊዮን ዶላር ነበረው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የብር ምንዛሪ ለገበያ ሲለቀቅ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር ብዙም ሳይቆይ መቶን ተሻገረ። ለስሌቱ እንዲመቸን 107 ገባ እንበል። እያንዳንዱ ዶላር 50 ብር ጨመረ። አንድ ከረጢት ሲሚንቶ ሳይጫን 100 ሚሊዮን ብር «ትርፍ» ተወለደ! እሱን ከ180ው ሲያወጡት፣ ከሥራው የተገኘው 80 ሚሊዮን ብቻ ነው። ፋብሪካው አድጓል ሲባል፣ የሥራው ትርፍ በሲሶ ወርዷል።

ይኼ ለተቸኮለ ሰው ይነገራል? ሊቃችን ሩኅሩኅ ነው፤ ዝም አለ። «ከትርፉ 100 ሚሊዮኑ የአንድ ጊዜ የምንዛሪ ጭማሪ ነው» ብሎ በአንድ መስመር መጻፍ ይችል ነበር። ግን ቦታው ከየት ይምጣ? ነጥብ አራት ለሥራ አስኪያጁ «መጪው ጊዜ ብሩህ ነው» ተይዟል። ነጥብ አምስት ለሠራተኞች ምስጋና ነው፤ ምስጋና ደግሞ አይቀነስም።

ነጥብ ሁለት «ሽያጭ ጨመረ» ይላል። እውነት ነው፣ በዱቤ ጨመረ። ገዢዎቹ ገና አልከፈሉም። የጥሬ ገንዘብ ፍሰት የሚባለው ሠንጠረዥ ይህን ያሳብቃል፤ ከሽያጩ እኩል ወደ ካዝና የገባ ብር የለም። ነጥብ ሦስት የአዲሱ ሕንፃ ፎቶ ነው። ሽፋኑ ላይ ያለው «ኦዲት ያልተደረገ» የሚል ቃልም ደስታ ስለሚያደበዝዝ ተዘልሏል።

የፎቅ ጎረቤቴ አምስቷን ነጥብ አንብባ፣ ዕቁቧ ሲደርሳት አክሲዮን ልትጨምር ቆርጣለች። «የትርፍ ድርሻው ዘንድሮ በዛ ይላል አይደል?» አለችኝ። ዶላሩ ገና አልተመነዘረም ብላት የአሳጣሪዎቹ ጠላት እመስላለሁ።

እሷም ለቀጣዩ ምሥራች ረጅም ጊዜ አትጠብቅም። ክረምቱ ወጥቶ ግንባታ ሲነሳ፣ ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ የሲሚንቶ ሽያጭ መነሳቱ አይቀርም። ሊቁ ያንን ከአምናው ጥቅምት ጋር አያስተያይም፤ ሰው ሁሉ ከዝናብ ከተጠለለበት ከክረምቱ ጋር ነው እንጂ። የቀጣዩን ነጥብ አንድ ካሁኑ መጻፍ ይቻላል፦ «በሦስት ወር ውስጥ ሽያጭ ተመነጠቀ!»