10 ሜጋ ብለው ሸጡልኝ፣ ላፕቶፑ 1.1 አለኝ

ከየት ልጀምር? ከቡናው ልጀምር።

ባለፈው ወር እቤቴ የመስመር ኢንተርኔት አስገባሁ። እዚሁ ጎንደር፣ ማራኪ። ውሉ ላይ 10 ሜጋ ይላል። እሑድ ዕለት የእህቴ ልጅ ለትምህርቱ የሚሆን 2 ጊጋ ፋይል ላውርድ ብሎ ላፕቶፑን ይዞ መጣ። እኔም ሒሳቤን ሠራሁ። 2 ጊጋ ማለት 2000 ሜጋ ነው። በሰከንድ 10 ሜጋ ከመጣ 200 ሰከንድ፣ ሦስት ደቂቃ ከምናምን። «ቡናውን ሳልቆላ ያልቅልሃል» አልኩት።

ቡናው ታጠበ። ተቆላ። ተወቀጠ። ጀበናው ተጣደ። ሄጄ ሳይ ፋይሉ ገና እየወረደ ነው። ፍጥነቱ 1.1 ይላል። ያለቀው አቦል ልቀዳ ስል ነው፤ ግማሽ ሰዓት ፈጀ። ጎረቤቶቼ ፊት በኢንተርኔቴ ልኮራ ነበር እኮ!

ሰኞ ጠዋት መስመሩን ወደሸጡልኝ ሰዎች ሄድኩ። «10 ከፍዬ 1 ነው የሚደርሰኝ፣ ዘጠኙ የት ገባ?» አልኩ። መስኮት ላይ ያለው ልጅ ቀና እንኳን ሳይል «እትዬ፣ ትክክል ነው። ቢትና ባይት ይለያያል» አለኝ። ቀጥሎም «ተረኛ!» ቢትና ባይት ምን እንደሆኑ፣ በምን እንደሚለያዩ፣ አንድም ቃል የለም። አንገቴን ደፍቼ ወጣሁ።

ያስረዳኝ የእህቴ ልጅ ነው። ቢት ትንሿ ናት፤ አንዲት ዜሮ ወይም አንዲት አንድ። ባይት ስምንት ቢት ነው። ኢንተርኔት ሻጮች ፍጥነትን የሚናገሩት በቢት ነው። ብሮውዘር ፋይል ሲያወርድ ደግሞ በባይት ይቆጥራል። ስለዚህ 10 ሜጋቢት ለስምንት ሲካፈል 1.25 ሜጋባይት ነው። የእኔ 1.1 ከዚያ ብዙም አይርቅም። የተሰረቀ ዘጠኝ የለም ማለት ነው።

እሺ፣ ገባኝ። ግን ለምን እንደዚህ ሆነ? «አክስቴ፣ ሽቦው የሚያውቀው ቢት ብቻ ነው» አለኝ። በሽቦው ላይ ዜሮና አንድ ተከታትለው ነው የሚሄዱት። ስለዚህ የመስመር ሰዎች ድሮ፣ ከሚንጫጫው የስልክ ሞደም ዘመን ጀምሮ፣ በሰከንድ ስንት ቢት አለፈ ብለው ይቆጥራሉ። 56 ኬ የሚባለው ሞደም ትዝ ይላችኋል? እሱም ቢት ነበር። ኮምፒውተሩ ግን ፋይል የሚያስቀምጠው በባይት ነው። አንድ የላቲን ፊደል አንድ ባይት ይይዛል። የእኛ «ሀ» በተለመደው አጻጻፍ ሦስት ባይት ትወስዳለች። (እዚህም ላይ የምንከፍለው እኛ ነን፣ እሱን ሌላ ቀን።) ሁለቱም በየሙያቸው ልክ ናቸው። እኔ ግን መሀላቸው ቆሜ ከፋይ ነኝ።

በሞቴ፣ እኔን ያንገበገበኝ ግን ስምንቱ አይደለም። ስምንት ብሎ ማካፈል ያቅተናል እንዴ? እኛ እኮ ፈረንጅ ሰዓት ሲጠይቀን በልባችን ስድስት እየደመርን የምንመልስ ሰዎች ነን። ያንገበገበኝ «ሜጋ» የምትባለው ቃል ናት። ስልኬ ላይ የ100 ሜጋ ጥቅል ስገዛ ያ ሜጋ ሜጋባይት ነው። 100 ሜጋባይት የሚያክል ቪዲዮ ሳይ ሙልጭ ይላል። የቤት መስመር 10 ሜጋ ሲሉኝ ግን ያ ሜጋ ሜጋቢት ነው። ቃሉ አንድ፣ ዕቃው ስምንት እጥፍ ልዩነት ያለው! ደመወዝህ 1000 ነው ተብሎ፣ በወሩ መጨረሻ ሳንቲም ቆጥረው ቢሰጡህ ዝም ትላለህ?

በእንግሊዝኛ ቢያንስ ምልክት አለው። Mbps ሲል ትንሿ b ቢት ናት። MB/s ሲል ትልቁ B ባይት ነው። እሷንም ለማየት መነጽር ያስፈልጋል። እኛ ጋ ግን ትልቅ ፊደልና ትንሽ ፊደል የለንም። «ሜ.ቢ» ተብሎ ሲጻፍ የትኛው ነው? ማን ይለየዋል? ማስታወቂያው ላይ «ሜጋቢት» ብሎ በሙሉ ቢጻፍ ስንት ሰው ከንትርክ ይድን ነበር።

ከ1.25 ላይ የምትጎድለዋን ትንሽ ነገር ተዉት። ዳታው በየጥቅሉ ታሽጎ ነው የሚጓዘው። በየጥቅሉ ላይ የላኪና የተቀባይ አድራሻ ይለጠፋል፣ ያ አድራሻም ቦታ ይይዛል። ከመቶ አምስት ገደማ እዚያ ላይ ይሄዳል። ኮምፒውተሩ በ1000 ፈንታ በ1024 ሲቆጥር ደግሞ ቁጥሩ ሌላ ትንሽ ዝቅ ይላል። 1.1 ካያችሁ መስመሩ ደህና ነው።

አሁን ወደ እውነተኛው ብሶቴ ልምጣ።

በሁለተኛው ሳምንት ማታ ማታ ፍጥነቱ 400 ኪሎባይት ሆነ። አሁን ነቅቻለሁ፤ በስምንት አባዛሁት። 3200 ኪሎቢት፣ ማለትም 3.2 ሜጋቢት። ከ10 ሲሶዋ! እንደገና ሄድኩ። ያው ልጅ። ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? «እትዬ፣ ባለፈው ነግሬዎታለሁ፣ ቢትና ባይት ይለያያል።»

እረ በሕግ! ስምንት እኮ አንዴ ነው የሚያካፍለው። አንዴ ከተካፈለ በኋላ የጎደለው ጉድለት ነው። ያቺን የቢትና የባይት ነገር እንደ ጋሻ ይዘዋታል፤ የማያውቀውን አስደንግጠው ያባርሩባታል፣ ያወቀውንም በእሷው ይመልሱታል።

ስለዚህ ማስረጃ ይዤ ልሂድ አልኩ። መጀመሪያ ዋይፋዩን ጠረጠርን። የቤቴ ግድግዳ ድንጋይ ነው፣ ራውተሩ ሳሎን፣ እኛ ጓዳ። ላፕቶፑን በኬብል ራውተሩ ላይ ሰካነው፣ የሁላችንንም ስልክ ከዋይፋዩ አወጣን። ያው 400። ግድግዳው ነፃ ወጣ። ቀጥሎ ምናልባት የዘገየው ፋይሉ የሚመጣበት ድረ ገጽ ቢሆንስ አለ የእህቴ ልጅ። ከሌላ ቦታ ሌላ ፋይል ጨምሮ ሁለቱን አንድ ላይ አስጀመረ። ሁለቱ ተደምረው 1.1 ቢሞሉ ኖሮ መስመሩ ጤነኛ ነበር፣ ጥፋቱ የድረ ገጹ። እነሱ ግን 200፣ 200 ተካፈሉ። ንጋት 11 ሰዓት ተነስቼ ያንኑ ፋይል ሞከርኩ፤ 1.1። ማታ 2 ሰዓት፣ 400። ሰፈሩ ሁሉ ሲገባበት የሚጠበው ነገር ከእኔ በር ወዲያ ነው ያለው።

ይህን ሁሉ ደብተር ላይ ጽፌ፣ ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ በባይት የታየውን፣ በስምንት ተባዝቶ የመጣውን፣ ሦስተኛ ጊዜ ሄድኩ። ልጁ ደብተሬን አየ። ዝም አለ። ከዚያ «መስመሩ ይታያል፣ እንደውልልዎታለን» አለኝ። ቢያንስ ስለ ባይት አላወራኝም።

ዘጠነኛ ቀኔ ነው። ስልኬ አልጮኸም። ይህን ስጽፍ ማታ 2 ሰዓት ተኩል ነው፣ ላፕቶፑ 390 ኪሎባይት ይላል። እስቲ እናንተው በስምንት አባዙልኝ።