«እዛ ጋ ነው» ለሚሉ ሁሉ ምስጋና

ሐዋሳ ውስጥ ባጃጅ ይዞ መውረጃውን በትክክል የሚናገር ሰው ካጋጠማችሁ ራቁት። ጨዋታ አያውቅም። ባለፈው አንዷን ፒያሳ አየኋት። ገና እግሯን ሳታስገባ «ወደ ሐይቁ ነው፣ ገብርኤል አደባባይ ሳትደርስ በቀኝ በኩል። ፋርማሲውን አልፈህ ሁለተኛው ቅያስ ትገባና ሦስተኛው በር ጋ ታወርደኛለህ። ኮንትራት ስንት ነው?» አለችው። ልጁ ዋጋውን ነገራት፣ ተስማሙ፣ ሄዱ። በቃ፣ አለቀ። አንድ ስልክ አልተደወለ፣ አንድ ሱቅ አልተጠየቀ፣ ማንም ከማንም አልተኳረፈ። እንዲህ ተሂዶ ምን ይወራል?

ክብርና ምስጋና ለእኛ ይሁን። እኛ «ወዴት ነው?» ስንባል «ቀጥ በል፣ እነግርሃለሁ» የምንለው። ዋጋው ያኔ ምን ላይ እንደሚቆም ባለ ባጃጁም አያውቅ፣ እኛም አናውቅ። መንገዱ ሲያልቅ ነው ድርድሩ የሚጀመረው፣ ያኔ ደግሞ አንዱ እግራችን መሬት ረግጧል።

ምልክት አመራረጣችንማ ልዩ ነው። «ባንኩ ጋ» እንላለን፤ ባንክ የሌለበት ማዕዘን ያለ ይመስል። «ቀይ በር ነው» እንላለን፣ ቅያሱ ውስጥ ካሉት በሮች ግማሹ ቀይ፣ ግማሹ ድሮ ቀይ የነበረ ነው። «መናኸሪያ» ስንል አሮጌውም አዲሱም እንዳለ እናውቃለን፣ ግን የቱን እንደሆነ መናገር የባለ ባጃጁን እውቀት መናቅ ይሆንብናል። ከሁሉ የማደንቀው ግን «ድሮ ዳቦ ቤት የነበረበት» የሚለውን ነው። ሾፌሩ የሃያ ዓመት ልጅ ነው። ዳቦ ቤቱ ሲዘጋ እሱ ጡት ይጠባ ነበር።

ደግሞ «ትንሽ ከፍ ብሎ» የምንለው ነገር አለ። አዲስ አበባ ቢሆን እሺ፣ ዳገት አለ፣ ቁልቁለት አለ። ሐዋሳ መሃል ከተማ ግን ሜዳ ነው፣ መንገዱም ቀጥ ያለና እርስ በርሱ የሚመሳሰል። በዚህ ሜዳ ላይ «ከፍ» የቱ ጋ ነው? አንዱ «ከፍ» ሲል ወደ ሐይቁ ማለቱ ነው፣ ሌላው ከሐይቁ መራቅ ማለቱ ነው። ዕድሜ የጠገቡ ባለ ባጃጆች «ወደ ሐይቅ ነው ወይስ ከሐይቅ?» ብለው ይጠይቃሉ። ሐይቁ ቦታውን አይቀይርም፣ አይዘጋም፣ ቀለም አይቀባም። ፊትህን ወደ ሐይቁ ካዞርክ ታቦር ተራራ በግራህ ነው። እንዲህ ቀላል ስለሆነ ነው እኛ የማንጠቀምበት።

አሁን ወደ አክስቴ ልምጣ። ቅዳሜ ለታ ከዲላ መጡና አቶቴ አካባቢ ለቅሶ ልንደርስ በኮንትራት ባጃጅ ያዝን። ሟች የሩቅ ዘመድ ናቸው፣ ቤታቸውን ሁለታችንም አናውቀውም። አክስቴ ግን አልተጨነቁም፣ ምልክት ይዘዋል።

«ማዘር፣ አቶቴ የቱ ጋ ነው?» አለ ልጁ።

«ድንኳን አለ የኔ ልጅ። ድንኳን የተተከለበት ቤት ነው።»

እኔ እንኳ በሆዴ ጎሽ አልኩ። ድንኳን ትልቅ ነው፣ ከሩቅ ይታያል፣ ከባንክ ይሻላል። ልጁ ግን አንገቱን አዙሮ አየኝ። «ወንድሜ፣ ቅዳሜ እኮ ነው» አለኝ። ያኔ አልገባኝም።

አቶቴ ስንደርስ ሁለት ቅያስ ሳንዞር ድንኳኑ ብቅ አለ። አክስቴ ወዲያው ነጠላቸውን አዘቀዘቁ፣ ፊታቸውን አጠሉ፣ ድምፃቸውን ጠረጉ። ባጃጁ ሲቆም አንድ እግራቸውን አውርደው «ወይኔ ወን...» ሲሉ ከድንኳኑ ውስጥ ከበሮ ተመታ። ሰርግ ነው። በሩ ላይ የቆመች ልጅ ፈገግ ብላ «ይግቡ እማማ» አለቻቸው። አክስቴ ጨዋ ናቸው፣ ነጠላቸውን ቀስ ብለው አስተካከሉና «እልልል» ብለው ተመልሰው ተሳፈሩ።

ከዚያ ስልኩ ተጀመረ። ለቅሶ ቤት ያለው የአጎቴ ልጅ፣ አድራሻ በስልክ በመስጠት ከዘሩ የሚስተካከለው የለም፣ «ለሾፌሩ ስጠው» አለኝ። ልጁ በአንድ እጁ መሪ፣ በአንድ እጁ ስልክ ይዞ «እሺ... እሺ... የቱ ሱቅ?... እሺ» ይላል። «ሱቁ ጋ ስትደርስ ወደ ግራ ነው» ተባለ። ወደ ግራ ገባን፣ መጨረሻው የግንብ አጥር ነው። ቆይቶ ሲገባኝ የአጎቴ ልጅ ቤቱ በር ላይ ቆሞ ወደ እኛ እያየ ነበር የሚያወራው፤ የእሱ ግራ ለእኛ ቀኝ ነው። ግራና ቀኝ የመጪው ነው እንጂ የጠባቂው አይደለም ብሎ የሚከራከር አይጠፋም። እኛ ግን እንዲህ ያለ ጥቃቅን ነገር ላይ አንወርድም።

ተመልሰን ወደ አስፋልቱ ወጣን። አስፋልቱ መሃሉ በአካፋይ የተከፈለ ነው፣ ስለዚህ ያለፍከውን ቅያስ ለመመለስ እስከሚቀጥለው መዞሪያ ድረስ ትሄዳለህ። «በየት በኩል ነው?» የሚለው ጥያቄ ለምን እንደሚጠየቅ ያኔ ገባኝ። በተቃራኒው በኩል ያለ ቤት ሃያ እርምጃ ሆኖ ይታይሃል፣ ባጃጁ ግን ዙሪያውን ሄዶ ነው የሚደርስበት። ነዳጁ የእሱ ነው። ልጁ ዝም ብሎ ይነዳል፣ ዝምታው ግን ሒሳብ ይቆጥራል።

በመጨረሻ የአጎቴ ልጅ ራሱ አስፋልት ድረስ ወጥቶ እጁን እያውለበለበ ተቀበለን። «ድንኳኑስ?» አልኩት። «ሣልስቱ አልፎ የለ? ትናንት ነው ያነሳነው» አለኝ። አክስቴ ምልክቱን የሰሙት ረቡዕ፣ ሟች የተቀበሩ ዕለት ነው። ያኔ ድንኳኑ ነበር፣ ውሸት የለበትም። ቤቱ ደግሞ የት መሰላችሁ? ጤና ጣቢያ ፊት ለፊት! ግድግዳው ላይ ስሙ በትልቁ የተጻፈበት፣ አቶቴ የሚሠራ ባለ ባጃጅ ሁሉ በቀን አሥር ጊዜ ሰው የሚያመላልስበት ጤና ጣቢያ። «ይሄንን ለምን አልነገርከንም?» ስለው በጣም ተገረመ።

«ጤና ጣቢያውንማ ሁሉም ያውቀዋል» አለኝ።

ልጁ ከተስማማነው እጥፍ ጠየቀ። አክስቴ «ለለቅሶ መጥተን!» ብለው ተቆጡ፣ እሱ ደግሞ «ማዘር፣ ሰርግም ወስጄዎታለሁ» አላቸው። ከፈልን።

በመስመር የሚሄዱትንም ሳላመሰግን አላልፍም፣ እነሱም ባለሙያዎች ናቸው። ወራጅ የሚሉት በራቸው ላይ እንደደረሱ ሳይሆን የኋላው ጎማ በራቸውን ካለፈ በኋላ ነው። ሁለትና ሦስት ግቢ ሲቀረው ቢናገሩ ልጁ ጥግ ይይዝ ነበር፤ አሁን ግን መሃል መንገድ ላይ ይቆማል፣ ከኋላው ያለው ጥሩምባውን ይለቀዋል፣ ሰውዬው ወርዶ «ምን ያሯሩጠዋል?» ይላል።

እዝን በልተን፣ ቡና ጠጥተን፣ ማታ ላይ ሌላ ባጃጅ ያዝን። ይሄኛው ደግሞ ገና ጢም ያላወጣ ልጅ ነው። «የት ነው ጋሼ?» አለኝ። የቀኑ ድካም ነው መሰለኝ፣ ወንበሩን ደገፍ አልኩና «ጠዋት ከተነሳንበት» አልኩት።